ቀድማ የተወለደች ልጅ ዕድሜዋ ከየት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ ጥር 5 ቀን በ32 ሳምንቷ ተወለደች፤ 1.6 ኪሎ ነበረች። ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። ግንቦት 11 ስትመዘን 4.6 ኪሎ ሆነች። ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ «አራት ወር አልፏታል፣ ክብደቷ ዝቅተኛ ነው» ብለው ካርዷ ላይ ምልክት አደረጉ። ደሴ የሚያያት ሐኪም ግን «በሁለት ወር ነው የምትታየው፣ ደህና ናት» አለኝ። ጎረቤቶቼ «ጡትሽ አልበቃትም፣ አጥሚት ጀምሪላት» ይሉኛል። የተወለደችበት ቀን አንድ ሆኖ ሳለ ዕድሜዋ እንዴት ሁለት ይሆናል? የካርዷን ፎቶ ልኬያለሁ። — እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አጥሚቱን አይጀምሩላት። ለእድገት ካርዱ ትክክለኛው ቆጠራ የደሴው ሐኪም ያለው ነው፤ ግንቦት 11 ላይ ነጥቡ መቀመጥ ያለበት ከ2 ወር ከ10 ቀን ላይ ነው።

ምክንያቱ ካርዱ የተሠራበት መንገድ ላይ ነው። በየጤና ተቋሙ የምናየው የእድገት መስመር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሲሆን፣ መነሻው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የተለኩ ጤነኛ ሕፃናት ናቸው። እነዚያ ሕፃናት ጊዜያቸውን ጨርሰው የተወለዱ ነበሩ። ስለዚህ የካርዱ «0» ቁጥር ማንኛውም ልጅ የተወለደበት ቀን ማለት አይደለም፤ እርግዝናው ሞልቶ፣ ወደ 40 ሳምንት ገደማ ደርሶ የተወለደ ልጅ ያለበት ደረጃ ነው።

አሁን ሁለት ሕፃናት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንዷ በ40 ሳምንቷ ተወልዳ 18 ሳምንት ሆኗታል፤ ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር 58 ሳምንት ያደገች ናት። የእርስዎ ልጅ በ32 ሳምንቷ ተወልዳ እሷም 18 ሳምንት ሆኗታል፤ ያደገችው ግን 50 ሳምንት ነው። መሀላቸው ያለው 8 ሳምንት ቀላል አይደለም። ፅንስ በማህፀን ውስጥ ከ32ኛው እስከ 40ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ክብደቱን እጥፍ ሊያደርስ ምንም አይቀረውም። ልጅዎ ያንን 8 ሳምንት ያሳለፈችው በጨቅላ ሕፃናት ክፍልና በእርስዎ ደረት ላይ ነው፤ በ50 ሳምንቷ መመዘን ያለባትም በ50 ሳምንት ላይ ካሉ ልጆች ጋር ነው። ሙሉ ጊዜዋን ጨርሳ ለተወለደች ልጅ 50 ሳምንት ማለት ከተወለደች 10 ሳምንት ማለት ነው። ይህንን ነው የተስተካከለ ዕድሜ የምንለው።

ስሌቱን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ከ40 ላይ 32 ሲቀነስ 8 ሳምንት፣ ማለትም 56 ቀን ቀድማ መጥታለች። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ይቀላል፦ ከጥር 5 ላይ 56 ቀን ሲጨመር መጋቢት 1 ይመጣል። መወለድ የነበረባት ያን ቀን ነው፤ የካርዷ «0» መጋቢት 1 ነው። ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 11 ደግሞ 70 ቀን፣ ልክ 10 ሳምንት ነው። (መሀል ላይ ጳጉሜን ከገባች 5 ወይም 6 ቀኗን መቁጠር አይረሳ።)

የላኩልኝ ካርድ ላይ ሦስት ክብደት ይነበባል፦ መጋቢት 1 ቀን 2.6 ኪሎ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 3.5 ኪሎ፣ ግንቦት 11 ቀን 4.6 ኪሎ። በልደቷ ቀን ሲቆጠር የመጋቢቱ ነጥብ የወደቀው በ2 ወር ላይ ነው። እዚያ ላይ ለሴት ልጅ እጅግ ዝቅተኛ የሚባለው ክብደት ከ3.4 ኪሎ በታች ያለው ስለሆነ፣ 2.6 ኪሎ አስደንጋጭ ይመስላል። ያው 2.6 ኪሎ በ«0» ላይ ሲቀመጥ ግን የሴት ልጅ መካከለኛው 3.2፣ ዝቅተኛ የሚባለው ደግሞ ከ2.4 በታች ያለው ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን መስመሩ ውስጥ ናት። የግንቦቱም እንዲሁ ነው። በ4 ወር ላይ ዝቅተኛው ወሰን 5 ኪሎ ስለሆነ 4.6 ከሱ በታች ወደቀ። በ10 ሳምንት ላይ ግን ዝቅተኛው ወሰን 4.1 ገደማ፣ መካከለኛው 5.3 ገደማ ነው፤ 4.6 በመሀላቸው ነው። ከመጋቢት 1 ወዲህ በ70 ቀን 2 ኪሎ ጨምራለች፤ በቀን ወደ 28 ግራም፣ በሳምንት 200 ግራም ይሆናል። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም የሚጨምር ልጅ በደንብ እያደገ ነው። ጡትዎ በቅቷታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ባለሙያም ሳያየው ያልፋል። ዕድሜን ሳያስተካክሉ የተሠራ መስመር ጤነኛዋን ልጅ የታመመች ከማስመሰሉ ሌላ፣ የታመመችውንም ልጅ እየተሻላት ያስመስላል። ልጅዎ ግንቦት 11 ላይ 4.6 ሳይሆን 4.1 ኪሎ ብትሆን ኖሮ እናስብ። በተስተካከለው ዕድሜ ከነበረችበት መስመር ወርዳ ዝቅተኛው ወሰን ላይ ደርሳለች ማለት ነው፤ መመርመር ይኖርባታል። ባልተስተካከለው ግን መጋቢት ላይ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባለው መስመር በ800 ግራም ታንስ የነበረችው ልጅ አሁን የምታንሰው በ400 ግራም ብቻ ነው። ካርዱን የያዘው ሰው «ጎሽ፣ እየደረሰች ነው» ብሎ ይሸኛታል። መስመሩ ወደ ላይ የሄደው ግን 8 ሳምንት የሚፈጥረው ልዩነት በራሱ እየጠበበ ስለሚሄድ ነው። የ4 ወርና የ2 ወር ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት በ1.3 ኪሎ ይለያያል፤ የ24 ወርና የ22 ወር ግን በ400 ግራም ብቻ። ማስተካከሉን እስከ 2 ዓመት ቀጥለን የምንተወውም ለዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ክብደትም፣ ቁመትም፣ የጭንቅላት ዙሪያም በተስተካከለው ዕድሜ ይመዘገባል። ፈገግታንና አንገት መያዝንም በዚሁ ዕድሜ ይጠብቁ።

ክትባት ግን ከዚህ ውጭ ነው። የ6፣ የ10ና የ14 ሳምንት ክትባቶች የሚቆጠሩት ከጥር 5 ነው፤ ቀድማ የተወለደች ልጅ ለትክትክና ለሳንባ ምች የበለጠ ተጋላጭ ስለሆነች ማዘግየት ይጎዳታል። 18 ሳምንት ስለሆናት ሦስቱንም ዙር ጨርሳ መሆን አለባት፤ ካርዱን ገልብጠው ይዩልኝ። የብረት ጠብታም የተስተካከለውን ዕድሜ አይጠብቅም፤ ፅንስ ብረት የሚያጠራቅመው በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ስለሆነ እሷ ሳታጠራቅም ነው የወጣችው። ካልታዘዘላት ሐኪሟን ይጠይቁ፤ መጠኑ በክብደቷ ተሰልቶ የሚሰጥ ነው።

ማስተካከል የምንችለው ሳምንትን ነው እንጂ ትንሽነትን አይደለም። በ39 ሳምንቱ 2 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ጊዜውን ጨርሷል፤ ማህፀን ውስጥ ሳለ እድገቱ ስለተጎዳ ነው ያነሰው። ለእሱ ዕድሜ እየቀነሱ መቁጠር ችግሩን መሸፈን ነው። «የሰባት ወር ልጅ ነው» የሚለው አነጋገርም ለስሌት አይበቃም፣ አንድ ሰው ሰባት ወር የሚለው ከሌላው በ4 ሳምንት ሊለይ ይችላል። በቅድሚያ የሚታመነው በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ ነው። እሱ ከሌለ የመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይጨመራል፤ ጳጉሜን መሀል ላይ ካለች 5 ወይም 6 ቀኗ ይቀነሳል። የእርስዎ ግንቦት 26 ከነበረ መጋቢት 1 ይመጣል። ወሎ ውስጥ ብዙ እናቶች ቀኑን በበዓል ያስታውሱታል፤ «ከግንቦት ልደታ ማግስት» ያለች እናት ቀኗ ይታወቃል። «ረመዳን ሲገባ» ላለችው ግን ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ የዚያን ዓመት ቀን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

ምግብ የምትጀምረው በተስተካከለው ዕድሜ ወደ 6 ወር ስትጠጋ ነው፤ ያ ለእርስዎ ዘመን መለወጫ አካባቢ ይውላል። ያን ጊዜም አንገቷን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ በማንኪያ የቀረበላትን በምላሷ ሳትገፋ መሆን አለበት። አሁን አጥሚት ቢሰጣት ከጡት ያነሰ ኃይል ያለው ውኃማ ነገር ትንሿን ሆዷን ይሞላል፣ የምትጠባው ይቀንሳል፣ ውኃውና ዕቃው ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ክብደቷ በእውነት ይወርዳል።

ካርዱ አናት ላይ በጉልህ «በ32 ሳምንት የተወለደች፤ 0 = መጋቢት 1» ብለው ያጽፉ፤ የሚመዝናት ባለሙያ ቢቀየርም ቆጠራው አይቀየርም። በየ2 ሳምንቱ ራቁቷን፣ በአንድ ሚዛን ይመዘን። የሚቀጥለው ወር ላይ፣ ሰኔ 11፣ ቢያንስ 5.2 ኪሎ ትሆናለች ብዬ እጠብቃለሁ፤ በመሀሉ በሁለት ሳምንት ከ250 ግራም በታች ከጨመረች ሰኔን ሳይጠብቁ ደሴ ይውሰዷት። ጡት መጥባት ጀምራ ወዲያው ደክሟት ከለቀቀች፣ የምትሸናው ከወትሮው ካነሰ፣ ካተኮሳት ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ ደግሞ ሚዛንም ቀጠሮም አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ይዘዋት ይሂዱ።