የረጠበ ጨርቅና የዘገየ ኮንቴይነር፦ ለማጓጓዣ ድርጅቱ የሚጻፈው ኢሜይል

ጥያቄ፦ «ከቻይና በአንድ ኮንቴይነር ጨርቅ አስመጣሁ። ከተባለው ጊዜ በጣም ዘግይቶ ደረሰ። ትናንት መጋዘን ስንከፍተው ብዙ ጣቃ ረጥቦ ሻግቷል። ኢንሹራንስ አለኝ። ለማጓጓዣ ድርጅቱ ጠንከር ያለ ኢሜይል ልጽፍ ነው። ምን ምን ላካትት?»

ወንድሜ፣ በአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የባሕር ጭነት ካሳ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። እንዳንተ ያሉ አስመጪዎች የጻፉትን ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ። ካሳ ያስገኘው ቁጣው የበረታው አይደለም። ቀኑን ጠብቆ የተላከውና ጉዳቱን ከመዘግየቱ ለይቶ የጻፈው ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። ዛሬ አጭር ማስታወቂያ ላክ። የገንዘቡ ዝርዝር በኋላ ይደርሳል። አብዛኛው ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ማለትም የባሕር ጭነት ሰነድ፣ የሚከተለው የሄግ ሕግ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ጭነት ሕግ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት ዕቃውን ከተረከብክበት ጀምሮ 3 ቀን ብቻ ይሰጥሃል። ጉዳቱ በርክክቡ ሰዓት የሚታይ ከሆነ ደግሞ እዚያው በጽሑፍ መያዝ አለበት። ቀኑ ቢያልፍም መብትህ አይጠፋም። ግን ዕቃው ደህና ሆኖ እንደተረከብከው ይቆጠራል፣ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክምም አንተ ላይ ይወድቃል። የቢልህን ጀርባ አንብበው፣ የተለየ ቀን ሊጽፍ ይችላል። የምትጽፈውም ቢሉን ላወጣው ድርጅት ነው። ለትራንዚተርህ መንገር ብቻውን አይበቃም።

እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እልካለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የጉዳት ማስታወቂያ፤ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ቁጥር …፣ ኮንቴይነር ቁጥር …፣ የማሸጊያ ሲል ቁጥር …

ከላይ የተጠቀሰው ኮንቴይነር በ… ቀን መጋዘናችን ደርሶ ሲከፈት፣ በውስጡ ያለው ጨርቅ በከፊል ረጥቦና ሻግቶ ተገኝቷል። ለጉዳቱ ድርጅታችሁን ተጠያቂ እናደርጋለን። መጠኑን ከምርመራ በኋላ እናሳውቃለን። በ… ቀን በ… ሰዓት በሰርቬየር ስለሚመረመር ተወካያችሁን ላኩ። ኮንቴይነሩ ለምርመራው ስለሚቆይ፣ ለእነዚህ ቀናት የኮንቴይነር ማዘግያ ክፍያ እንዳይታሰብብን እንጠይቃለን። መብታችን ሁሉ የተጠበቀ ነው።»

በቃ። ሰርቬየሩ ጉዳቱን የሚመረምር ገለልተኛ ባለሙያ ነው። ፎቶዎቹን አያይዝ፣ ለኢንሹራንስህም በግልባጭ ላከው። ኢንሹራንሱ ለአንተ ከከፈለ በኋላ በአንተ ቦታ ሆኖ ማጓጓዣውን ይጠይቃል። ይህ ማስታወቂያ ካልተላከ ያ መንገድ ይበላሻል፣ የአንተም ካሳ ያከራክራል።

በዚህ ኢሜይል ውስጥ «ስለዘገያችሁ ሻገተብኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር አታስገባ። ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን በተለመደው የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ውል፣ በመዘግየት ምክንያት የሚመጣ ጉዳት አይሸፈንም። መዘግየቱ ሽፋን ባለው አደጋ የመጣ ቢሆን እንኳ አይሸፈንም። ውሃ ገብቶ የሻገተውን ጨርቅ በራስህ እጅ «በመዘግየት የተበላሸ» ብለህ ከጻፍክ፣ ያ ወረቀት ዞሮ በአንተ ላይ ይቀርባል። ምክንያቱ ሳይጣራ ያየኸውን ብቻ ጻፍ፦ ረጥቧል፣ ሻግቷል።

ምክንያቱን ማጣራት ነው ዋናው ሥራ። ላኪው ራሱ ሞልቶ ባሸገው ኮንቴይነር ቢሉ ላይ «ላኪው እንደጫነውና እንደቆጠረው» የሚል ሐረግ ይኖራል። ማጓጓዣው በዚያ ተንተርሶ «አስተሻሸጉ ደካማ ነበር» ወይም «የኮንቴይነሩ ላበት ነው፣ በውስጡ የነበረው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ነው» ይልሃል። ስለዚህ ውሃው ከውጭ እንደገባ ማሳየት አለብህ።

አንድ የያዝኩት ጉዳይ ከአንተ ጋር ይመሳሰላል። 400 ጣቃ ጨርቅ ነበር፣ 60ው ተበላሽቷል። ማጓጓዣው ወዲያው «ላበት ነው» አለ። ላበት ሲሆን ጠብታው ከጣሪያው በየቦታው ይወርዳል፣ ላይኛውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ያረጥባል። የዚያ ኮንቴይነር እርጥበት ግን በአንድ ጥግ ብቻ ነበር፣ ከላይ እስከ ወለል። ሰርቬየሩ ጨርቁ ከወጣ በኋላ ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በሩን ከውጭ አስዘጋ። በጨለማው ውስጥ ከዚያው ጥግ ጣሪያ ላይ ብርሃን ታየ። ቀዳዳው ዙሪያው ዝጎ ነበር፣ ከሱም ወደ ታች የዝገት መስመር ወርዷል። የቆየ ቀዳዳ ነው ማለት ነው፣ የአስመጪው መኪና የፈጠረው አይደለም።

ቀጥሎ የረጠበው ጨርቅ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረገ። ፈሳሹ ጨው ካገኘ ወተት መስሎ ይነጣል። ነጣ። ከዚያው ጭነት የደረቀው ጨርቅ ላይ ሲሞክረው አልነጣም፣ ስለዚህ ጨው የመጣው ከባሕር ውሃ እንጂ ከማቅለሚያው አይደለም። ይህን ማነጻጸሪያ ሰርቬየሩ ካልሠራ አንተ ጠይቀው፣ ብዙ ክርክር የሚያቆመው እሱ ነው። ባይነጣም ኖሮ ነገሩ አላበቃም። ዝናብ በማጓጓዣው ኮንቴይነር ቀዳዳ ከገባ ያው ኮንቴይነሩ ጉድለት አለበት።

አንተም ምርመራው ሳይደረግ ባዶውን ኮንቴይነር እንዳትመልስ። አንዴ ከተመለሰ ቀዳዳው ይደፈናል። ከደረቅ ወደቡ ሲወጣ የተፈረመውንም የመረከቢያ ቅጽ ፈልገህ እይ። ሾፌሩ «ችግር የለውም» ብሎ ፈርሞ ከሆነ ቀዳዳው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው ይሉሃል። መልስህ ዝገቱ ነው፣ በቅርብ ፎቶ አንሣው። የረጠበውን ከደረቀው ለይተህ አስቀምጥ፣ አትጣለው።

ከሪፖርቱ በኋላ ሁለተኛውን ኢሜይል ከነሂሳቡ ትልካለህ። በዚያ ጉዳይ የአንድ ጣቃ ዋጋ በኢንቮይሱ 90 ዶላር ነበር፤ ለ60ው 5,400 ይሆናል። የባሕር ማጓጓዣ ክፍያው ለአንድ ጣቃ 10 ዶላር ደርሶ ነበር፣ 600 ተጨመረ። የተበላሸው ጨርቅ በቅናሽ ተሽጦ 1,500 ተገኘ፣ እሱ ተቀነሰ። የተጠየቀው 4,500 ዶላር ነው። የሰርቬየሩ ክፍያ ለብቻው ሰፍሯል። የታጣ ትርፍና የተጎዳ ስም አልገባበትም፣ ድርድሩ ላይ ሌላውን ቁጥር ያጠራጥራል እንጂ አይከፈልም።

መዘግየቱን በሌላ ኢሜይል ጻፈው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ደካማው ጎን ነው። የሄግ ሕግ ስለ መድረሻ ቀን ምንም አይልም፣ ቢሎቹም ለመድረሻው ቀን ዋስትና እንደማይሰጡ ይጽፋሉ። በጽሑፍ የገቡልህ ቀን ከሌለ ለጠፋው ገበያ ካሳ ማግኘት ይከብዳል። ሊሳካ የሚችለው በእነሱ ምክንያት የከፈልከው ነው። ሰነድ ወይም መልቀቂያ ዘግይተው ሰጥተውህ ዲመሬጅ የሚባለው የኮንቴይነር ማዘግያ ክፍያና የመጋዘን ኪራይ ቆጥሮብህ ከሆነ፣ ቀኖቹን በተርታ ጻፍ፦ መቼ ጠየቅክ፣ መቼ መለሱ፣ በመሃል ስንት ተቆጠረብህ። ከዚያ የእነዚያን ቀናት ክፍያ እንዲመልሱ ጠይቅ። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቅናሽ ይገኛል።

ትንሽ ገንዘብ አቅርበው «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካመጡልህ ኢንሹራንስህ ሳያውቅ አትፈርም። ደግሞም ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ በሄግ ሕግ ከርክክብ ጀምሮ 1 ዓመት ነው። «እያየነው ነው» የሚል የኢሜይል ምልልስ ይህን አያቆመውም። ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቃቸው፤ እምቢ ካሉ ፋይሉን ይዘህ ወደ ጠበቃ ሂድ።