20 ሺህ ኦፕሽን 80 ሺህ ዶላር ነው?

«ሲያትል ያለ ስታርታፕ ከደሞዙ ሌላ 20 ሺህ ኦፕሽን እንሰጥሃለን አለኝ። ባለሀብቶች አንዱን አክሲዮን በ4 ዶላር ስለገዙ 80 ሺህ ዶላር ማለት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

አይደለም። ኦፕሽን ማለት አክሲዮኑን ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የመግዛት መብት ነው። ወረቀትህ ላይ ያለው የመግዣ ዋጋ 1 ዶላር ከሆነ ከ4 ላይ ቀንሰው፤ 60 ሺህ ይቀራል። እሱም ተጋኗል። በ4 ዶላር የተሸጠው ቅድሚያ ያለው አክሲዮን ነው፣ ያንተ ግን ተራ አክሲዮን ነው። ካምፓኒው በርካሽ ከተሸጠ መጀመሪያ ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ጠቅላላ አክሲዮኑ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። 10 ሚሊዮን ከሆነ ያንተ 0.2 በመቶ ነው። አንነግርህም ካሉ እኔ እንደ ዜሮ ነው የምቆጥረው።

ባንዴም እጅህ አይገባም። በተለመደው የ4 ዓመት ውል፣ ዓመት ሲሞላህ 5 ሺው ያንተ ይሆናል፤ ከዚያ በየወሩ 416 ገደማ። በ11ኛው ወር ከወጣህ ምንም የለህም።

ታክሱን በተመለከተ፣ ኦፕሽኑ የታክስ ጥቅም ያለው አይኤስኦ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሲሰጥህም ያንተ ሲሆንም አትከፍልም። ጣጣው ስትገዛ ነው። (ኦፕሽን ሳይሆን ገደብ ያለበት አክሲዮን ከሰጡህ ግን የ83(b) ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ ላክ። አለዚያ ያንተ በሆነ ቁጥር በዕለቱ ዋጋ ትታክሳለህ።)

እኔን የበላኝ መውጫው ነው። ሥራ ስለቅ በ1 ዶላር የምገዛው 10 ሺህ ኦፕሽን ነበረኝ። ውሉ የሰጠኝ 90 ቀን ብቻ። 10 ሺህ ዶላር ከኪሴ ላወጣ ነው። የዕለቱ ዋጋ 3 ዶላር ስለነበር 20 ሺህ ዶላሩ ልዩነት ደግሞ ኤኤምቲ በሚባለው የታክስ ስሌት ውስጥ ይገባል። ይሄ ሁሉ ገበያ ላይ ለማይሸጥ ወረቀት! አልገዛሁም፣ ተቃጠለ። ሳትፈርም የ90 ቀኑን ገደብ እንዲያራዝሙልህ ጠይቅ፤ ሥራ ከለቀቅህ ከ3 ወር በኋላ ከገዛህ ግን የአይኤስኦ የታክስ ጥቅሙ ይቀርብሃል።