በፔሮቲን «ቪዴሩንት ኦምኔስ» ውስጥ ነባሩ ዜማ የት አለ?

«የመካከለኛው ዘመን የፓሪስ አቀናባሪ የፔሮቲንን ቪዴሩንት ኦምኔስ ሰማሁት። በጥንቱ የአንድ ድምፅ ዜማ ላይ የተሠራ ነው ይላሉ። እኔ ግን ዜማውን ላገኘው አልቻልኩም። የት ነው ያለው? ዘማሪዎቹ ከአንድ ድምፅ ተነስተው እንዴትስ እዚህ ደረሱ?»

ከሥር ነው ያለው፣ ወንድሜ። በጣም ስለተለጠጠ ነው ያልለየኸው። እኔ በምኖርበት ከተማ በመዘምራን ቡድን ስዘምረው የታችኛው ድምፅ፣ ማለትም ቴኖሩ፣ ውስጥ ነበርኩ። «ቪ» የምትለዋን ብቻ በፋ ይዘን አንድ ደቂቃ ገደማ እንቆያለን። ያቺ ፋ የነባሩ ዜማ መነሻ ናት። ሦስቱ የላይ ድምፆች እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፤ እኛ ገና «ዴ» ላይ አልደረስንም። ጆሮ ደግሞ የሚከተለው የሚንቀሳቀሰውን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ነባሩን ዜማ ለብቻው ስማው። በገና ቀን ቅዳሴ ከንባቡ ቀጥሎ የሚዜም ነው። ቃሉ ከመዝሙረ ዳዊት 97 ነው፤ የላቲኑ ቁጥር ከእኛው ዳዊት ጋር ይገጥማል። «የምድር ዳርቻዎች ሁሉ የአምላካችንን ማዳን አዩ» ይላል። አዘማመሩን ልብ በል። መሪዎቹ «ቪዴሩንት ኦምኔስ» ብለው ያነሳሉ፣ መዘምራኑ በሙሉ «ፊኔስ ቴሬ» ብለው ይቀበላሉ። ቀጥሎ ያለውን ጥቅስም መሪዎቹ ናቸው የሚይዙት። ፔሮቲን አራት ድምፅ ያደረገው የመሪዎቹን ድርሻ ነው። የመዘምራኑ እንደ ድሮው በአንድ ድምፅ ቀረ። ሙሉውን የዘመሩበት ቅጂ ካገኘህ «ፊኔስ ቴሬ» ላይ ሁሉም ድንገት አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ፈልገህ ያጣኸው ዜማ እዚያ ግልጥ ብሎ ይሰማሃል።

እዚህ የደረሱት ቀስ በቀስ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ «ሙዚካ ኤንኪሪያዲስ» የሚባል የማስተማሪያ ጽሑፍ በዜማው ላይ ሁለተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚጨመር ያሳያል። ሁለተኛው ድምፅ አራት ወይም አምስት ኖታ ርቆ ዜማውን እግር በእግር ይከተላል። ችግሩ ፋ እና ሲ አንድ ላይ ሲወድቁ ነው። ርቀቱ በወረቀት ላይ አራት ኖታ ነው፣ ሲዘመር ግን ይጎረብጣል። መፍትሔ ያደረጉት ተከታዩን ድምፅ ማቆም ነው። ለምሳሌ ሁለቱም ከዶ ይነሳሉ። ዜማው ሬ፣ ሚ፣ ፋ እያለ ሲወጣ ተከታዩ ዶ ላይ ይጠብቃል። አራት ኖታ ሲራራቁ አብረው መሄድ ይጀምራሉ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ይገናኛሉ። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን መንገድ ያዘ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በደቡብ ፈረንሳይ አኪቴይን፣ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን የሚቆመው ነባሩ ዜማ ሆነ። እያንዳንዱ ኖታ ይያዛል፣ የላይኛው ድምፅ በላዩ ላይ ያንቆረቁራል። ቴኖር የሚለው ስምም ከዚህ ከመያዙ የመጣ ነው።

ፓሪስ፣ ኖትርዳም ካቴድራል፣ ሌላ ጥያቄ ገጠማቸው። ዜማው በአንድ ቃል ላይ ብዙ ኖታ ሲደረድርስ? በዚሁ ዜማ ጥቅስ ውስጥ «ዶሚኑስ» ላይ እንዲያ ነው። ኖታውን አንድ በአንድ ቢለጥጡት ማለቂያ የለውም። ስለዚህ እዚያ ላይ ቴኖሩም ምት ይዞ እንዲራመድ አደረጉ። ከፔሮቲን በፊት በነበረው አቀናባሪ በሌዮኒን ስም የሚታወቀውን የሁለት ድምፅ ቪዴሩንት ብትሰማ ለውጡን በደንብ ትለየዋለህ። ቆሞ የነበረው የታች ድምፅ «ዶሚኑስ» ሲደርስ መሄድ ይጀምራል።

ምቱ የግድ ነበር። ሁለት ሰው ተያይቶ ሊዘምር ይችላል፤ አራት ሰው ግን ረጅሙና አጭሩ ካልተወሰነ አብሮ አይደርስም። በ1198 የፓሪሱ ጳጳስ ኦድ ደ ሱሊ ለጃንዋሪ 1 በዓል ሥርዓት ሲያወጣ በሦስትና በአራት ድምፅ መዘመርን ፈቅዷል። ቪዴሩንት የዚያም ቀን ዜማ ስለነበር ብዙ አጥኚዎች የፔሮቲንን ሥራ ከዚህ ጋር ያያይዙታል። የፔሮቲን መሆኑን የምናውቀው ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው ስለጠቀሰው ነው።

ልትዘምሩት ካሰባችሁ የሚያስቸግረው የታቹ ነው። ትንፋሽ በተራ ውሰዱ፤ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ላይ እንዳይተነፍሱ። «ኢ»ን ሁሉም በአንድ ዓይነት አፍ ይበል፣ ያለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። ፋዋ ሳይታወቃችሁ ትወርዳለች። የምታውቁት የላዮቹ ከእናንተ ፋ በላይ ዶ ላይ ሲያርፉ ነው። ልክ ከሆነ ድምፁ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ከወረዳችሁ ይርገበገባል። እኛ ከ«ዴ» በፊት ያለውን እረፍት የመፈተሻ ቦታ አድርገነው ነበር። እዚያ ካልጠራ ወደፊት አንሄድም።

አሁን በቅደም ተከተል ስማቸው። መጀመሪያ ነባሩን፣ ቀጥሎ የሁለቱን ድምፅ፣ በመጨረሻ ፔሮቲንን። ፔሮቲን ላይ ስትደርስ ላዮቹን ተዋቸውና ከታቹ ጋር አብረህ አንጎራጉር።