መልስ፦ የግል ድርጅት የስራ ልምድ ለመንግስት ቅጥር

«ማስታወቂያው ለሂሳብ ሰራተኛ 2 ዓመት ልምድ ይላል። እኔ የሰራሁት የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ደብዳቤዬ ይያዝልኛል?»

ይያዛል፣ ግን ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የስራ ግብር መከፈሉ ነው። ደብዳቤው ላይ የስራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሰራህ፣ ግብሩም መቆረጡ በግልጽ ይጻፍ። ማስታወቂያው ከገቢዎች ማረጋገጫ አምጡ ካለ መጀመሪያ እሱን አሯሩጥ፤ ቀን የሚበላው እሱ ነው።

እኔን ያስጣለኝ ቀኑ ነበር። ደብዳቤዬ «ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ» ይልና እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም። መዝጋቢዋ አንዴ አየችው፣ መለሰችልኝ። አስተካክዬ ስመጣ ምዝገባው አልቋል።

ቀኑን አንተም ቁጠር። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የስራ ቀናት» ካለና ሰኞ ከወጣ፣ በመሃል በዓል ከሌለ የሚያበቃው በሁለተኛው ሳምንት አርብ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም። ለአርብ ግን አታቆየው፤ ኮፒ ከኦሪጅናል ጋር ሲያመሳክሩ ጎደለ የሚሉህን የምታመጣበት ቀን ይኑርህ።

ፈተናው የሚጠራው በስልክ ወይም በውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ራስህ ሄደህ እይ፣ መታወቂያህንም እንዳትረሳ።