ስለ ትርፍ ክፍፍልና መጠባበቂያ ለአባላት ለምትናገሩ ወጣት ገንዘብ ያዦች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በቡና አምራች ገበሬዎች ማህበር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ ለተመረጣችሁ ወጣቶች ነው። በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስታችሁ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል ማስረዳታችሁ አይቀርም። ዕድሜዬን በኅብረት ሥራ ሒሳብ ላይ ስላሳለፍኩ ያ ንግግር የት ላይ እንደሚበላሽ አውቃለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያው ቁጥር ነው። ገንዘብ ያዡ ይነሳና "ዘንድሮ 1,200,000 ብር የተጣራ ትርፍ አግኝተናል" ይላል። ይጨበጨባል። እያንዳንዱ አባል ብሩን በልቡ ማካፈል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የምትቀንሱት ሁሉ ከኪሱ የወጣ ይመስለዋል። "መጠባበቂያ" ስትሉ "ለማን?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ትርፉን ከመጥራታችሁ በፊት ገንዘቡ የት እንዳለ ንገሯቸው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ማህበሩ በወቅቱ ከአባላት 200,000 ኪሎ እሸት ቡና ተረክቧል እንበል። አባሉ እሸቱን ሲያስመዝን የዕለቱን ዋጋ ተቀብሏል። ቡናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለዩኒየን ተሽጧል። ኦዲተሩ ወጪውን ሁሉ ቀንሶ 1,200,000 ብር ትርፍ አገኘ። ነገር ግን ከሽያጩ 700,000 ብር ገና ከዩኒየኑ አልተከፈለም። ደብተሩ ላይ ተሰብሳቢ ተብሎ ተመዝግቧል። ትርፉ እውነተኛ ነው፣ ብሩ ግን ገና ባንክ አልገባም። ይህን መጀመሪያ ያልሰማ አባል፣ ክፍያው ሲዘገይ ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል።

ሒሳቡ ኦዲት ሳይደረግ ደግሞ ስለ ክፍፍል አትናገሩ። "ይህን ያህል ይደርሳችኋል" ብላችሁ ኋላ ኦዲተሩ ቁጥሩን ቢቀንሰው፣ አባሉ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን ወደ መጠባበቂያው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲያዝ፣ ይህም መጠባበቂያው የማህበሩን ካፒታል 30 በመቶ እስኪደርስ እንዲቀጥል ደንግጎ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። እኔ ለምሳሌ የያዝኩት የቀድሞውን ስሌት ነው። እናንተ ግን ከመናገራችሁ በፊት ሥራ ላይ ያለውን አዋጅና የራሳችሁን መተዳደሪያ ደንብ ክፈቱ። አንቀጹን በቁጥሩ ጥሩ። "ኮሚቴው ወስኖ ነው" የሚል አረፍተ ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። በአዋጅና በመተዳደሪያ ደንብ የታዘዘውን ኮሚቴው እንደወሰነው አድርጋችሁ ከነገራችሁ፣ አባሉ በድምፅ ሊሽረው ይሞክራል።

በምሳሌያችን ከ1,200,000 ብር 30 በመቶው 360,000 ብር ነው። የማህበሩ ካፒታል 2,100,000 ብር ከሆነ የመጠባበቂያው ጣሪያ 630,000 ብር ይሆናል። ካለፉት ዓመታት 200,000 ብር ነበረ። ዘንድሮ ሲጨመር 560,000 ብር ደረሰ። ለጣሪያው የቀረው 70,000 ብር ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻ ቁጥር አትዝለሉት። መጠባበቂያ ማብቂያ የሌለው ቅነሳ እንዳልሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

ለምን እንደሚያዝም በራሳቸው ቡና አስረዱ። ማህበሩ እሸቱን የሚገዛው በምርት ወቅት ነው። ቡናው የሚሸጠው ግን ከወራት በኋላ ነው። በመሃል የዓለም ዋጋ ሊወርድ ይችላል። በፈረንጆቹ 2001 የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ወደ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ወርዶ ብዙ ገበሬ ተጎድቷል። አሁን ስሌቱን ሥሩ። የመሸጫው ዋጋ ወርዶ ማህበሩ በአንድ ኪሎ እሸት 5 ብር ቢከስር፣ በ200,000 ኪሎ ላይ 1,000,000 ብር ኪሳራ ነው። 560,000 ብር መጠባበቂያ ያለው ማህበር ከግማሽ በላዩን ይሸፍናል። የሌለው በሚቀጥለው ወቅት ሚዛኑ ላይ የሚከፍለው ያጣል። እሸት ደግሞ አያድርም። በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ማህበሩ ጥሬ ብር ከሌለው አባሉ እሸቱን ተሸክሞ ወደ ግል ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ መሄዱ ነው። ምን ያድርግ?

መጠባበቂያው ግን በወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ ለምንም አይረባም። በሒሳብ መግለጫው ላይ 560,000 ተጽፎ፣ ባንክ ውስጥ 90,000 የሚገኝበት ማህበር አለ። ገንዘቡ ለሥራ ማስኬጃ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶ ነው። ስለዚህ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ። የባንኩን ስቴትመንት ይዛችሁ ግቡና ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ፊት ለፊት ያንብበው።

ከመጠባበቂያው በኋላ 840,000 ብር ይቀራል። ጉባኤው ለመፈልፈያ ማሽን ጥገና 140,000 ብር ቢመድብ የሚከፋፈለው 700,000 ብር ይሆናል። ትልቁ ክርክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አባሉ ለገዛው ዕጣ ነው የሚከፈለው ወይስ ላስረከበው ቡና?

ሁለት አባላት ውሰዱ። አንዷ እናት 1,500 ኪሎ እሸት አስረክበዋል፣ 2 ዕጣ አላቸው። ሌላው አባል 100 ኪሎ ብቻ አስረክበው 20 ዕጣ አላቸው። ጠቅላላው ዕጣ 2,100 ነው። 700,000 ብሩ በሙሉ በዕጣ ቢከፈል እናት 667 ብር ገደማ፣ ሌላው 6,667 ብር ገደማ ይደርሳቸዋል። ደንቡ 70 በመቶው በአስረከቡት ኪሎ፣ 30 በመቶው በዕጣ ይከፈል ካለስ? ለኪሎ 490,000 ብር ይመደባል፣ በኪሎ 2 ብር ከ45 ሳንቲም ማለት ነው። ለዕጣ 210,000 ብር፣ በዕጣ 100 ብር። እናት 3,875 ብር ያገኛሉ፤ ሌላው 2,245 ብር።

እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትርፉ የመጣው ከቡናው ነው። ዕጣ ብቻ የሚከፈልበት ማህበር ቡናውን ለሰብሳቢ የሚሸጠውን አባል ይሸልማል፣ ለማህበሩ የሚያመጣውን ይቀጣል። በፈረንጆቹ 1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ሱቅ የከፈቱት ሠራተኞችም ትርፉን ያከፋፈሉት አባሉ በገዛው ዕቃ ልክ ነበር። ዕጣም ግን ድርሻ ይገባዋል። ማሽኑ የተገዛው በዕጣ ገንዘብ ነውና ጨርሶ ካልተከፈለው ማንም ዕጣ አይጨምርም። የሁለቱን ሚዛን የሚወስኑት ደንቡና ጉባኤው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የእናንተ ሥራ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱንም ስሌት በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። አባላቱም የራሳቸውን ኪሎ ከደረሰኛቸው አይተው ያባዙ። ኪሎው መዝገብ ላይ ካለው ጋር የማይገጥም ሰው ከተገኘ ክፍፍሉ ከመጽደቁ በፊት ይታረም።

የመጨረሻው ነገር የክፍያው ቀን ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ 700,000 ብሩን በአንዴ የማይችል ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። ለሚመጣው ወቅት እሸት መግዣ የተያዘውን ብር ለክፍፍል አታውጡ፤ በመጠባበቂያውም አትሙሉት። ሁለት ጊዜ እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቡ። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ዩኒየኑ ሲከፍል። ቃለ ጉባኤው ላይም የሁለቱን ክፍያ መጠን፣ በኪሎና በዕጣ የሚደርሰውን ብር፣ ሁለተኛው ክፍያ የሚጠብቀው የትኛውን የዩኒየን ገንዘብ እንደሆነ በስሙ ጻፉ። ገንዘቡ ከዘገየ አባሉ እናንተን ሳይሆን ዩኒየኑን መጠየቅ እንዳለበት ከዚያው ያነባል።