ጤና ይስጥልኝ ወይስ ሰላም? ለማያውቁት አለቃ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ «በአንድ የግል ድርጅት ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ኢሜይል መጻፍ አለብኝ። ስማቸው ከበደ አበበ ነው። አይቻቸው አላውቅም። ባልደረቦቼ ‹ሰላም ማለት በቂ ነው› ይባባላሉ። አባቴ ደግሞ ‹ለክቡር› ብዬ ካልጀመርኩ ነውር ነው ይላሉ። መጨረሻውስ ‹መልካም ቀን› ነው ‹ከሰላምታ ጋር›? የጻፍኩት ይኸው፦ ‹ሰላም አቶ አበበ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሰኔን ወር ሒሳብ አያይዤ ልኬያለሁ። የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ካዩት በኋላ እንደሚፈርም ነግሮኛል። እባክዎ አይተው እስከ ዓርብ ላኩልኝ። መልካም ቀን።›»

መልስ፦ ከስሙ ልጀምር። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። «አቶ አበበ» ብለው የጻፉት ለሰውየው አባት ነው። በእኛ አጠራር ማዕረግ የሚቀድመው የራስን ስም ነው። ስለዚህ «አቶ ከበደ» ወይም ሙሉውን «አቶ ከበደ አበበ» ይበሉ። ይህ ግድፈት የሚበዛው የኢሜይል መዝገባቸውን በውጭ አገር ልማድ ባዘጋጁ ድርጅቶች ነው። ኮምፒውተሩ የአባትን ስም አስቀድሞ ያሳያል፤ ጸሐፊውም ያየውን ይገለብጣል።

የስሙ ነገር ሌላም ቁም ነገር አለው። በእንግሊዝኛ በራስ ስም መጥራት የመቀራረብ ምልክት ነው። በእኛ ግን ሚኒስትሩም ጎረቤቱም የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው። ስሙ ብቻውን ቅርበትን አይናገርም። በአማርኛ መቀራረብና መከባበር የሚታየው ግሱ ላይ ነው። «ላክ» ነው «ይላኩ»? «ነህ» ነው «ነዎት»? የሰላምታው ቃል በር ይከፍታል። ቤቱ ውስጥ የሚያስቀምጠን ግን ግሱ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታዎቹ። ለማያውቁት ሰው የመጀመሪያ መልእክት ሲጽፉ እኔ የምመክረው «ጤና ይስጥልኝ»ን ነው። ምክንያቱን ቃሉን ፈታ አድርገን እንየው። ሰጪው ፈጣሪ ነው፤ ስሙ አልተጠራም። «-ልኝ» የምትለው ደግሞ «ስለ እኔ» ማለት ናት። ስለ እኔ ጤና ይስጥ ነው ነገሩ። ተቀባዩ የት አለ? ቃሉ ውስጥ የለም። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአንድ ሰው፣ ለብዙ ሰው፣ ለትልቅ፣ ለትንሽ ሳይለወጥ ይሄዳል። አንባቢዎ ማን እንደሆነ በማያውቁበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ሰላምታ የለንም።

ሌሎቹ ሰላምታዎቻችን እንዲህ አይደሉም። «እንደምን አደሩ» ጠዋትን፣ «እንደምን ዋሉ» ከሰዓትን፣ «እንደምን አመሹ» ምሽትን ይጠብቃል። ኢሜይል ግን ጠዋት ተጽፎ በማግስቱ ሊነበብ ይችላል። እርስዎ የመረጡት «እንደምን ሰነበቱ» ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። «ሰነበቱ» ሲባል ባለፉት ቀናት ውስጥ ተያይተናል፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት ነዎት ማለት ነው። «ከረሙ» ሲሆን መለያየቱ ረዘም ያለ ነው። ሁለቱም ትውውቅን ይዘው ይመጣሉ። አይቷቸው የማያውቅ ሰው «ሰነበቱ» ሲላቸው አቶ ከበደ ቆም ብለው «ማን ነበር?» ይላሉ። ደብዳቤው ሒሳቡን ከማስታወስ ይልቅ ሰውን ወደ ማስታወስ ይወስዳቸዋል።

«ሰላም»ን አልነቅፍም። ባልደረቦችዎ ልክ ናቸው፤ ዛሬ በብዙ ቢሮ «ሰላም አቶ ከበደ» ቢባል ማንም አይቀየምም። ግን «ሰላም» ጅራት ይፈልጋል። እጃችን ሳይታወቀው «ሰላም ነህ» ወይም «ሰላም ነሽ» ብሎ ይቀጥላል፣ በቴሌግራም ስለለመደ። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ስለዚህ አልመርጠውም። ለሦስተኛው ይሆናል።

አባትዎም መሠረታዊውን ነገር አልሳቱም። አክብሮቱ መታየት አለበት ነው የሚሉት። «ክቡር» ግን ዛሬ ባለው አጻጻፍ የከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣንና የአምባሳደር መጠሪያ ሆኖ ረግቷል። ለድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሲጻፍ ሰፊ ካፖርት ይሆናል። ከዚህም በላይ «ክቡር» እና «ክብርት» ጾታ ይለያሉ። ደስታ፣ ምሕረት ወይም ቃል ኪዳን የሚባል ኃላፊ ቢሆን በየትኛው ሊጀምሩ ነው? «ለተከበሩ» ይህ ችግር የለበትም፤ ለሁለቱም ያው ነው። «ውድ አቶ ከበደ» የሚለውን ደግሞ ይተዉት። «ውድ» በእኛ ደብዳቤ የወንድም፣ የእናት፣ የጓደኛ ቃል ነው። ለማያውቁት አለቃ ሲሆን ከእንግሊዝኛው ደብዳቤ የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል።

ሴት ኃላፊ ሲሆኑ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» ላይ የሚቸገሩ ብዙዎች ይጽፉልኛል። ትዳር መያዝ አለመያዛቸውን ካላወቁ መገመት አያስፈልግም። «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ካላቸው ያንን ይጠቀሙ። ከሌላቸውም የሥራ መደቡ አለ፦ «ለምክትል ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ሙሉ ስም መጻፍ ማንንም አያስቀይምም።

አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ራስዎ ወንድ ይሁኑ ሴት ደብዳቤዎ አይነግረኝም። እኔ ግን ያለ ችግር እየጻፍኩልዎ ነው። «አንተ» ወይም «አንቺ» ብል መምረጥ ነበረብኝ። «እርስዎ» ምርጫውን አስቀረልኝ። የአክብሮት አነጋገራችን ጾታን አያሳይም፤ ለማያውቁት ሰው ሲጻፍ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ልወስድበት የምፈልገው ግን «ላኩልኝ» ላይ ነው። ለምን እዚህ እንዳቆምኩ ልንገርዎ። የሚደርሱኝን ደብዳቤዎች ሳነብ አክብሮቱ የሚፈርሰው ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ልመናው ላይ። ሁለት መስመር በ«እርስዎ» ይሄዳሉ። ጸሐፊው ወደሚፈልገው ነገር ሲደርስ ይቸኩልና «ላክልኝ»፣ «ደውልልኝ»፣ «ንገረኝ» ይላል። የእርስዎ ከዚህ ለየት ይላል። «ላኩልኝ» ያሉት አክብሮት መስሎዎት ነው። «ላኩ» ግን ለብዙ ሰዎች የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ «እናንተ ላኩ»። ለአንድ የተከበረ ሰው «ይላኩ» ነው። የፊቷ «ይ» ናት ትእዛዙን ወደ ልመና የምትለውጠው። ይላኩልኝ፣ ይደውሉልኝ፣ ይመልከቱልኝ። በአሉታ ሲሆን «አትላኩ» ሳይሆን «አይላኩ»።

መፈተኛው ቀላል ነው። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ግሶቹን ብቻ እየለቀሙ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። «ካዩት»፣ «አይተው»፣ «ላኩልኝ»። ከሦስቱ አንዱ ጆሮ ይቆረቁራል። የስም ቅጥያውንም እንዲሁ፦ ጊዜዎን፣ ፊርማዎን፣ ቢሮዎ። «ጊዜህን» ወይም «ጊዜያችሁን» ሾልኮ ከገባ ያን ጊዜ ይታያል።

«ነግሮኛል» የምትለውም አለች። ለአቶ ከበደ «እርስዎ» ብለው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅዎን «እሱ» ሲሏቸው አንዱን አለቃ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አደረጉ። በአካል አንተ ቢባባሉም እንኳ በጽሑፍ ለሦስተኛ ሰው ሲያወሩ «እንደሚፈርሙ ነግረውኛል» ይበሉ።

መዝጊያው ከመክፈቻው ጋር እኩል እንዲቆም ነው የምፈልገው። «መልካም ቀን» አያስነውርም፤ ግን እንደ «እንደምን ዋሉ» ሰዓት የያዘ ነው፣ ሲለያዩ በአፍ የሚባል ነው። «ከሰላምታ ጋር» የቢሮ ደብዳቤ መዝጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ለሒሳብ ጉዳይ እሱ ይበቃል። ጉዳዩ የግል ልመና ቢሆን፣ ፈቃድ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ቢሆን፣ «ከአክብሮት ጋር» ይሻላል። «አክባሪዎ» የሚለውም አለ፤ የሚያምር ቃል ነው። ግን «-ዎ»ን ስለያዘ ከሰውየው ጋር የግል ገመድ ያስራል። ለማያውቁት ሰው ለሥራ ጉዳይ አላስቀድመውም። ከመዝጊያው በታች የራስዎን ሙሉ ስም ያለ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ይጻፉ፤ ለራስ ማዕረግ አይሰጥም። ቀጥሎ የሥራ መደብዎንና ቅርንጫፉን ያስፍሩ። የማያውቅዎ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ምናልባት ነገ ይኸው ጉዳይ በቁጥርና በማኅተም በወረቀት እንዲሄድ ቢታዘዙ ሰላምታውን ጨርሶ ይተዉታል። መደበኛው የቢሮ ደብዳቤያችን ሰላምታ የለውም። ቁጥርና ቀን፣ «ለ» ብሎ ተቀባዩ፣ «ጉዳዩ፦» ብሎ ርእሱ፣ ከዚያ በቀጥታ ነገሩ ይገባል። «ከሰላምታ ጋር» የሚመጣው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» እዚያ ውስጥ ሲገባ ደብዳቤውን ግማሽ የግል ያደርገዋል። በኢሜይል ግን የጉዳዩ መስመር ከላይ የራሱ ሳጥን ስላለው፣ ገጹ በሰላምታ ቢጀመር ያምራል።

እንግዲህ የእርስዎን ኢሜይል እኔ ብጽፈው እንዲህ ነበር የምለው፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ከበደ፣
በሐዋሳ ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰኔን ወር ሒሳብ አያይዤ ልኬያለሁ። የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ካዩት በኋላ እንደሚፈርሙ ነግረውኛል። ተመልክተው እስከ ዓርብ ቢልኩልኝ ሥራችን በጊዜው ይጠናቀቃል።
ከሰላምታ ጋር»

ሐዋሳ ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ የራስዎን ይተኩበት። «ይላኩልኝ»ን ትቼ «ቢልኩልኝ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ይላኩልኝ» ትክክል ነው፤ ግን ቀነ ገደብ ሲከተለው ጫን ይላል። «ቢልኩልኝ» ያው ዓርብን ይዞ ለስለስ ይላል። «እባክዎ»ንም ያወጣሁት ለዚህ ነው፤ ልስላሴው ግሱ ውስጥ ገብቷል።

መልሳቸው ሲመጣ አጻጻፋቸውን ልብ ብለው ይዩት። «ሰላም» ብለው ጀምረው አጠር አድርገው ከጻፉ፣ እርስዎም በሚቀጥለው «ሰላም አቶ ከበደ» ማለት ይችላሉ። ግሱን ግን አይንኩ። እሳቸው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብለው ቢጽፉልዎ ይህ ለእርስዎም ፈቃድ ነው ማለት አይደለም። በእኛ ልማድ «አንተ በለኝ» ወይም «አንተ በይኝ» የሚለው ከፍ ያለው ሰው ነው። ያ እስኪባል «እርስዎ» ይቆያል። ሰላምታው ግን ቀስ እያለ ሊሞቅ ይችላል። ሒሳቡን አይተው፣ መልሰው ልከውልዎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጻጽፋችሁ የሐምሌን ወር ሲልኩላቸው፣ ያን ጊዜ «እንደምን ሰነበቱ» ቦታውን ያገኛል።