አንድን መንገደኛ አንድ ኪሎሜትር ማድረስ ስንት ያስወጣል? ጥያቄና መልስ

ሰላም። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ አነስተኛ የአውቶቡስ ድርጅት ሂሳብ ለዓመታት ይዣለሁ። ስለ ወጪ ስሌት ጠይቁኝ። የመኪና ግዢን ሌላ ሰው ይመልስ።

«ጋሼ፣ ባለ 29 ወንበር መኪና አለችኝ። በቀን አንዴ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች። የቀን ወጪዬን ለ29 ወንበርና ለ260 ኪሎሜትር አካፍላለሁ፤ ልክ ነኝ?»

አይደለህም። የምታካፍለው ለወንበሩ ነው፤ ወንበር ደግሞ አይከፍልም።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ልውሰድ፣ አንተ በራስህ ቀይራቸው። መኪናዋ ከጋራዥና ከመናኸሪያ መመላለሷ ጋር በቀን 270 ኪሎሜትር ትሄዳለች እንበል። በሊትር 5 ኪሎሜትር ከሄደች 54 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ሊትሩ በ130 ብር 7,020 ብር ይመጣል። ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬንና ጥገና በኪሎሜትር 5 ብር ብንል 1,350 ይጨምራል። የሾፌርና የረዳት ደሞዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ጥበቃና የመኪናዋ እርጅና በወር 60,000 ከሆነ፣ በ24 የሥራ ቀን በቀን 2,500 ይደርሳል። ድምሩ 10,870 ብር።

አሁን ሰዉን ቁጠር፣ በሄደበት ኪሎሜትርም አባዛ። ጠዋት 29 ሰው ተሳፈረ። 7ቱ ሸኖ ወረዱ፣ 50 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ 350። የቀሩት 22 አዲስ አበባ ደረሱ፣ በ130 ኪሎሜትር 2,860። ከሸኖ 4 ሰው ገባ፣ በ80 ኪሎሜትር 320። ስትመለስ 18 ሰው ብቻ ነበር፤ 2,340። ሲደመር 5,870 የመንገደኛ ኪሎሜትር ነው። ወጪህን ለዚህ አካፍል፤ 1.85 ብር ይመጣል። በአንተ ስሌት ግን 1.44 ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ለሚሄድ ሰው 187 ብር ያስወጣኛል ስትል፣ እውነተኛው 241 ነው። 54 ብር ሳታየው ያልፋል።

«ትኬቱን ቆጥሬ በ130 ባባዛስ? 51 ትኬት ነው።»

6,630 ይመጣልሃል። ሸኖ የወረደውን ሰው አዲስ አበባ አደረስከው ማለት ነው። ረዳቱ የት ገቡ፣ የት ወረዱ ብሎ ይጻፍ። ያለዚያ ሁሉም ግምት ነው።

«እርጅና ለምን ይገባል? መኪናዬን ከገዛሁበት ዋጋ በላይ እየጠየቁኝ ነው።»

*(ሌላ አባል)* እውነቱን ነው። እዚህ አገር መኪና ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እኔ እርጅናን አላስገባም።

*(ሌላ አባል)* ወንድሜ፣ ሸጠህ በዚያው ብር ተመሳሳይ ትገዛለህ? እኔ ሞክሬ ግማሹን ተበድሬ ነው የጨረስኩት።

ሁለታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ። ብሩ ጨምሯል፣ መኪናዋ ግን አርጅታለች። እኔ አሁን ተተኪዋ የምታወጣውን ዋጋ ይዤ፣ በመጨረሻ የምትሸጥበትን ቀንሼ፣ ለቀሩት ወራት አካፍላለሁ። በምሳሌዬ 3,600,000 ሲቀነስ 1,200,000፣ ለ96 ወር፣ 25,000 በወር። የተተኪዋ ዋጋ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ስሌቱም በየዓመቱ ይታደሳል። በገዛህበት ዋጋ የሚሠራም አለ፤ በዚህ ከብዙ ባለሙያ ጋር ተከራክሬ አልተስማማንም።

«ጣሪያ ላይ የሚጫነው ጭነትስ?»

ገቢ ነው፣ ወጪ አይደለም። ለብቻው ጻፈው።

«ታሪፉ ይጨመር ይሆን?»

እኔን የሚመለከት አይደለም።

«አጠቃላይ ወጪ እንዴት ነው የሚሰላው?»

ላይ ጽፌዋለሁ። የትኛው መስመር፣ ስንት ወንበር፣ ስንት ሰው? እሱን ሳትነግረኝ ምንም ማለት አልችልም።

«ጋሼ፣ እኔ ሸዋሮቢት ነው የምሠራው። ጣርማበርን ስወርድ ናፍጣ አይፈጅብኝም፣ ስወጣ ይበላኛል። ለየብቻ ላስላው?»

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋሮቢት ቆላ ነው። ስትወርድ የናፍጣው ወጪ ይቀንስና የፍሬን ሸራው ይበላል። መውረዱን ብቻ ካሰላህ ርካሽ ይመስልሃል፤ ግን የወረደች መኪና መውጣቷ አይቀርም። ደርሶ መልሱን እንደ አንድ ጉዞ ያዝ። ናፍጣውን በቀን አትለካ፤ ታንኩን ሙሉ አድርገህ ጀምር፣ ሳምንት ሠርተህ እንደገና ሙላ፣ የጨመርከውን ሊትር ከኪሎሜትር ቆጣሪው ጋር አስተያይ። ቆጣሪው ከተበላሸ መጀመሪያ እሱን አሠራ።

*(ሌላ አባል)* እኔ ለዓመት 29 ወንበር በ260 እያካፈልኩ...

የወንበሩን ቁጥር አትጠቀሙ ብያለሁ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

«የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። በገበያ ቀን ሞልተን፣ በሌላ ቀን 10 ሰው ይዘን እንሄዳለን። የሳምንቱን አማካይ ልውሰድ?»

ዋጋ ለማወቅ አዎ፤ የሳምንቱን ወጪ በሙሉ ለሳምንቱ መንገደኛ ኪሎሜትር አካፍል። የየቀኑን አማካይ ደምረህ ለ7 አታካፍል፣ ያሳስትሃል። በባዶ ቀን ልቁም ወይስ ልሂድ ከሆነ ጥያቄህ ግን ሌላ ስሌት ነው። ደሞዙና ኢንሹራንሱ ብትቆምም ይከፈላል። ስለዚህ የዚያን ቀን ትኬት ከናፍጣው፣ ከጎማውና ከጥገናው ጋር ብቻ አወዳድር። የአንድ ወር መዝገብ ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን።

*«ረዳቱ ይጽፋል ወይ ነው ችግሩ ጋሼ።»*

የጉዞ አበሉን ወረቀቱን ሲያስረክብ ስጠው።